ቁጥሩ ለምን ተቀየረ? ለወጣት የካሳ ሠራተኞች

ውድ ልጆቼ፣

በመድን ድርጅታችን የደሴና የኮምቦልቻ ቅርንጫፎች የካሳ ፋይል መያዝ ለጀመራችሁት ነው ይህን የምጽፈው። የሪዘርቩን፣ ማለትም ለካሳው ይከፈላል ብለን የምንይዘውን ግምት፣ ቁጥር ማስገባት ቶሎ ትለምዱታላችሁ፤ አብሽሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁጥሩ ሥር የምትጽፉት ምክንያት ነው። ብዙ ፋይል ላይ «በተገኘው አዲስ መረጃ መሠረት ተሻሽሏል» የሚል መስመር ብቻ አያለሁ። ምን መረጃ? ከማን? መቼ መጣ? መልስ የለውም።

በምሳሌ ላስረዳ። ግንቦት 2016 ላይ አንድ አይሱዙ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን አልይዝ ብሎት ተገለበጠ እንበል። አንድ እግረኛም እግሩ ተሰበረ። በመጀመሪያው ቀን በእጃችሁ ያለው የሾፌሩ ቃል፣ ፎቶና የጋራዡ የመጀመሪያ ግምት ነው። ለመለዋወጫ 620,000፣ ለእጅ ዋጋ 90,000፣ ለክሬንና ለመጎተቻ 60,000፣ በድምሩ 770,000 ብር። ደንበኛው ራሱ የሚሸፍነው 30,000 ሲቀነስ 740,000 ይሆናል። ስሌቱን እንዲሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፉት። ከሥሩም ያላወቃችሁትን ጨምሩ፦ «ሞተሩና ጊርቦክሱ አልተፈታም፤ ሻሲው አልተለካም። ተፈትቶ ሲታይ ይከለሳል።» ይህቺ መስመር ወርቅ ናት። ነገ ቁጥሩ ሲጨምር ዛሬ ምን እንዳልታየ አስቀድማ ትናገራለች።

የእግረኛው ጉዳት ከመኪናው ጋር በአንድ ድምር አይቀላቀልም፤ የራሱ ሪዘርቭ ይያዝለታል። የትራፊክ ሪፖርት አልመጣም ተብሎ ዜሮ አይተውም። እስካሁን የቀረበውን የሕክምና ደረሰኝ፣ ሐኪሙ ገና ይቀራል ያለውን ሕክምናና የሽፋኑን ጣሪያ አይታችሁ ግምት ያዙ። በማስታወሻው ላይ ግን «ጥፋቱ የሾፌራችን ነው» አትበሉ። ፋይሉ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። «ሪፖርቱ እስኪደርስ ኃላፊነት ሊኖርብን ይችላል በሚል የተያዘ ግምት» ማለት በቂ ነው።

አሁን መኪናው ጋራዥ ገብቶ ተፈታ። ሻሲው ታጥፏል፤ ጊርቦክሱ ተሰንጥቋል። ሻሲ ማቅኛ 110,000፣ ጊርቦክስ 200,000። ሪዘርቩ 1,050,000 ደረሰ። ማስታወሻው እንዲህ ይሁን፦ «ከ740,000 ወደ 1,050,000። ምክንያት፦ ሲፈታ የተገኘ ተጨማሪ ጉዳት። ማስረጃ፦ የጉዳት ገማቹ ሪፖርት፣ ከነቀኑ።»

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የመለዋወጫ ዋጋም ወጣ። ጊርቦክሱ ሳይገዛ ፕሮፎርማው ጊዜው አለፈ፤ አዲሱ በ140,000 ብር በለጠ። ሪዘርቩ 1,190,000 ሆነ። እዚህ ላይ «ተጨማሪ ጉዳት» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ትልቅ ስህተት ነው። ጉዳቱ ያው ነው፤ የጨመረው ዋጋው ነው። ይህን ካልለያችሁ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የዓመቱን ፋይሎች ሲያይ ገማቾቻችን አሳንሰው ይገምታሉ ብሎ ይደመድማል። የተሳሳተ መድኃኒትም ያዛል። ስለዚህ በየክለሳው ከሦስቱ አንዱን ለይታችሁ ጥቀሱ፦ የጉዳቱ መጠን ነው የተለወጠው፣ ዋጋው ነው ወይስ ኃላፊነቱ? ሁለቱ አብረው ከመጡ ብሩን ለሁለቱ ከፋፍሉት። አራተኛ ምክንያትም አለ፤ የመጀመሪያው ስሌት ራሱ የተሳሳተ እንደሆነ። ያን ጊዜ «የስሌት እርማት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ እንጂ በአዲስ መረጃ ስም አትሸፍኑት። የድሮውን ማስታወሻም አትነካኩት፤ ከሥሩ አዲስ ጨምሩ።

ክፍያንም ከክለሳ ለዩ። ለክሬኑ 60,000 ሲከፈል ቀሪው ሪዘርቭ 1,130,000 ይሆናል፤ ጠቅላላ ግምቱ ግን 1,190,000 እንደሆነ ይቆያል። ይህ ቅናሽ አይደለም።

በጣም የምጠላው ግን ቁጥሩን በትንሽ በትንሹ ማሳደግ ነው። 740,000 የነበረው 800,000፣ በወሩ 860,000፣ ከዚያ 920,000 ይሆናል። ምክንያቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ ሰነድ የለም። እንዲህ ያለ ፋይል ሳይ፣ ሠራተኛው ሙሉውን ቁጥር ቀድሞ እያወቀ አለቃውን ላለማስደንገጥ እንደፈራ እጠረጥራለሁ። ገማቹ 1,050,000 ካለ ያንኑ ቀን 1,050,000 አስገቡ። ጭማሪው ከሥልጣናችሁ በላይ ከሆነ ለአለቃችሁ ላኩት እንጂ በሥልጣናችሁ ልክ አትቁረጡት። በተቃራኒው ደግሞ ሰኔ ላይ ሂሳብ ሲዘጋ «ትንሽ ቀንሱልን» የሚል ሊመጣ ይችላል። ለቅናሽም እንደ ጭማሪው ሰነድ ጠይቁ፤ ሰነድ ከሌለ ቁጥሩ ባለበት ይቆይ።

ያ እግረኛ ስድስት ወር ድምፁን ቢያጠፋስ? ሪዘርቩን ዜሮ ለማድረግ ዝምታው ብቻ ምክንያት አይሆንም። መቼ እንደደወላችሁ፣ ለማን ደብዳቤ እንደላካችሁና ጥያቄ ለማቅረብ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ማለፍ አለማለፉን ጻፉ። ጊዜው ካላለፈና እግረኛው የፈረመው የካሳ ማጠናቀቂያ ሰነድ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ፣ ግምቱ እንደተያዘ ይቀመጥ። ቀጥሎ የሚታይበትን ቀንም አስፍሩ።