ከጓንዡ የመጣው የጄድ አምባር ለምን ገረጣ?

«ሰላም ወንድሜ። ባለቤቴ ከ4 አመት በፊት ጓንዡ ለንግድ ሲሄድ አረንጓዴ የጄድ አምባር አምጥቶልኝ ነበር። ያኔ ደማቅ ነበር፣ ብርሃንም ያሳልፋል። አሁን አረንጓዴው ገርጥቶ ቢጫ ቢጫ ይላል። ወርቅ ቤት ወስጄ በማሽን አጠቡልኝ ባሰበት፣ ከዛ ሰም ቀቡልኝ ሁለት ሳምንት አብርቶ ተመለሰ። በጥፍሬ ስነካው ሸከር ይላል። ጄዳይት ነው ኔፍራይት? ልሸጠው ብልስ ያወጣል? ክብደቱ 52.60 ግራም ነው፣ ሰርተፍኬት የለውም።»

እህቴ፣ አንብቤ ሳልጨርስ ነው የጠረጠርኩት። ጄድ የሚባሉት ሁለት ድንጋዮች ናቸው፣ ጄዳይትና ኔፍራይት። ይሄ ነገር ጄዳይት ይመስለኛል፣ ግን በአሲድ ታጥቦ፣ ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ሙጫ ጠጥቶ፣ ቀለም የተነከረ ጄዳይት። የተፈጥሮ ጄድ በ4 አመት አይገረጣም፣ ደማቁን አረንጓዴ የሚሰጠው ክሮሚየም ከድንጋዩ ጋር አብሮ የተፈጠረ ስለሆነ ጸሀይ ምንም አያደርገውም። ከገረጣ ቀለሙ ከውጭ የገባ ነው ማለት ነው፣ ቢጫ ያለው ደግሞ ሬዚኑ ነው፣ ሲያረጅ እንደዛ ይሆናል።

ከሁሉም በፊት አደራ፣ እሳት እንዳታስጠጊው። ላይተር እየለኮሱ ወይ የጋለ መርፌ እየነኩ የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። ሬዚን ካለበት ይጠቁራል፣ ጭሱም ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ሬዚን ከሌለው ደግሞ ደህናውን ድንጋይ አበላሸሽው ማለት ነው።

አሁን ሚዛን አምጪ። 0.01 ግራም የምታነብ እስከ 500 ግራም የምትይዝ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። አምባሩ በሙሉ የሚገባበት ቀላል ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ውሃ አድርገሽ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። አምባሩን በቀጭን ክር አስረሽ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ አንጠልጥይው፣ ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ የተለጠፈ የአየር አረፋ ካለ በጣትሽ አባርሪው አለበለዚያ ቁጥሩን ያበላሽብሻል። ሚዛኑ የሚያሳይሽን ቁጥር ያዢና 52.60ን ለሱ አካፍይው፣ የሚወጣው ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው። 15.80 አካባቢ ካነበብሽ 3.33 ይወጣል፣ ይሄ የጄዳይት ቁጥር ነው። 17.80 ካነበብሽ 2.96 ነው፣ የኔፍራይት። 19.85 ከሆነ ግን 2.65 ነው፣ ጄድ አይደለም፣ ኳርትዝ ቀለም ነክረው ጄድ ብለው የሸጡት ይሆናል፣ በሽ ነው እንደዛ አይነት። ያንቺ 16.30 አካባቢ አንብቦ 3.23 ቢወጣ አይገርመኝም፣ ሬዚን ከድንጋይ ስለሚቀል ጄዳይቱን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ግን 3.33 ቢመጣም ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ሬዚኑ ትንሽ ከሆነ ሚዛን አይለየውም።

ጄዳይትና ኔፍራይት ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች መሆናቸውን ፈረንሳዊው ዳሙር ነው እ.ኤ.አ. በ1863 የለየው፣ ከዛ በፊት ሁሉም ጄድ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግር ኔፍራይትን እንደ መንዝ ባና አስቡት እላለሁ፣ ቀጫጭን ክር እርስ በርሱ ተጠላልፎ የተጠቀጠቀ። ለዛ ነው በቀላሉ የማይሰበረው፣ ፈሳሽም እንደልብ የማይገባው። ጄዳይት ግን እንደ ስኳር ድፍን ነው፣ ጥራጥሬ ከጥራጥሬ ጋር ተጣብቆ። በጥራጥሬዎቹ መሀል የብረት ዝገት ይገባና ቡናማ ያደርገዋል። ፋብሪካው በአሲድ ያንን ዝገት ያጥባል፣ ድንጋዩ ይነጣል፣ ግን መሀሉ ክፍተት ብቻ ይሆናል፣ ብርሃን የማያሳልፍ ኖራ የመሰለ ነገር። አሁን ነጠላሽን አስቢው። ደረቅ ነጠላ ነጭ ነው፣ ከኋላው ያለው ብዙም አይታይም። ውሃ ሲነካው ግን ገላ ያሳያል። ጨርቁ አልቀጠነም እኮ፣ በክሮቹ መሀል የነበረው አየር በውሃ ስለተተካ ብርሃኑ እንደበፊቱ እየተበተነ አይመለስም፣ ያልፋል። ሬዚንም ጄዳይቱ ውስጥ የሚሰራው ይሄንኑ ነው። ያ ሲገዛ ያየሽው ማሳለፍ የድንጋዩ አልነበረም፣ የሬዚኑ ነበር። ውሃው ሲደርቅ ነጠላው እንደሚነጣ ሬዚኑም ሲያረጅና ሲሰነጣጠቅ ድንጋዩ ይደበዝዛል። የወሎ ኦፓል የያዘ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ እሱም ውሃ ሲጠጣ መልኩ ይቀየራል፣ ቀለም የሚነክሩትም ስለሚጠጣ ነው።

10 እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ ካገኘሽ ብርሃን ከጎን እያረፈበት ላዩን እይው። አሲድ ያለፈበት ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተያያዘ መስመር ታያለሽ፣ ጥፍርሽ የያዘው ሸካራነት እሱ ነው። ቀለሙ በስንጥቆቹ ውስጥ እንደ ደም ስር ተጠራቅሞ መሀሉ ገርጥቶ ከታየሽ የተነከረ ነው፣ የተፈጥሮው ግን ከውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው። ሁለት የተለያየ አምባር በክር ሰቅለሽ በሳንቲም ብታንኳኪም ንጹሁ ይጮሀል፣ ሬዚን ያለው ድፍን ድምጽ ነው ያለው። ስንጥቅ ያለውም ድምጹ ስለሚደፈን በድምጽ ብቻ አትፍረጂ።

ስለዛ ወርቅ ቤት ልናገር። በአልትራሶኒክ፣ ማለትም ውሃውን በድምጽ ሞገድ በሚያንቀጠቅጠው ማሽን ማጠብ ለወርቅ ነው፣ ለሬዚን ጠላት ነው፣ ከዛ በኋላ ሰም መቀባት ደግሞ ቁስሉን መሸፈን ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰምን ራሱን ያሰድባሉ። ንጹህ ጄድም ከተወለወለ በኋላ ስስ ሰም ይቀባል፣ ገበያው የሚቀበለው የመጨረሻ ስራ ነው፣ ዋጋ አይቀንስም። የላዩ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሸፈናል እንጂ ውስጡ አይቀየርም። ሰም እና ሬዚን አንድ የሚመስላቸው ሻጮች ናቸው ደንበኛ የሚያታልሉት።

ዋጋን በተመለከተ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከሚያንማር የሚመጣ፣ ቀለሙ እኩል የሆነና ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ያልተነካ አረንጓዴ ጄዳይት ነው ላይ የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሆንግ ኮንግ ላይ 27 ዶቃ ያለው የጄዳይት የአንገት ሀብል ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በሬዚንና በቀለም ያንኑ መልክ ያገኘ ግን እንደ ተራ ጌጥ ነው የሚገዛው። ኔፍራይት ላይ መለኪያው ይለያል፣ እዛ የሚፈለገው በጣም ደቃቅ ስሪት ያለው የቻይናዋ የሆታን ነጩ ነው፣ ደማቅ አረንጓዴነት አይደለም። የቻይና ሰርተፍኬት ካገኘሽ «ፌይጹይ» ብሎ ከጎኑ «ቹሊ» ካለበት የታከመ ጄዳይት ማለት ነው። የሰርተፍኬት ቁጥሩን አጣሪ፣ ወረቀትም ይሰራልና።

ያንቺን ምን ታደርጊ? ሰሙን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለሽ አውጪው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ ከዛ አቁሚ። ቢወለውሉት አይመለስም፣ ሬዚኑ ውስጥ ነው ያረጀው። ከጸሀይና ከበረኪና አርቀሽ አድርጊው፣ ከዚህ በላይ ቶሎ አይበላሽም። ልትሸጪው ከሆነ የታከመና የተነከረ ነው ብለሽ ንገሪያቸው፣ ገዢው ራሱ ካወቀ ሌላ እቃሽንም አያምንሽም። በርግጠኝነት ማወቅ ከፈለግሽ በኢንፍራሬድ የሚያይ የድንጋይ ላብራቶሪ ብቻ ነው የሚወስነው፣ የኔም ግምት ከምልክቶቹ የመጣ ነው። ወርቅ ቤት ገብተሽ ወርቅ ክፈፍ ላድርግለት የሚል ከመጣ ድንጋዩ ላይ ሆኖ በቶርች እንዳይበይድ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ክፈፉ ለብቻው ተበይዶ አልቆ ነው በኋላ የሚገባው።