የሊንኩን የአባት ስም እዪ

«ጋሼ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እቃ አዝዤ ስጠብቅ ከፖስታ ቤት ነው የሚል ቴክስት መጣልኝ። አድራሻዬ ስላልተሟላ እቃው መጋዘን ቀርቷል ይላል። ሊንኩን ከፍቼ 30 ሳንቲም ልከፍል ካርዴን አስገባሁ። ባለ 6 አሃዝ ኮድ መጣልኝ፣ እሱንም ጻፍኩ። "አልተሳካም" አለኝ። ከባንኬ ምንም አልወጣም። የአክስቴ ልጅ ቫይረስ ነው ብሎ ስልኩን ሪሴት አደረገው። ስክሪንሾቱን ልኬልዎታለሁ። እውነት ነው ወይስ ውሸት?»

እህቴ፣ ውሸት ነው። ከሁሉ በፊት ካርድሽ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንክሽ ጋ ደውዪ። እኔን ያሳሰበኝ ከሊንኩ ይልቅ ኮዱ ነው። ለ30 ሳንቲም ኮድ ተጠይቀሽ፣ ሳንቲሙም ካልወጣ፣ ግምቴ አንድ ነው፤ ካርድሽን በራሳቸው ስልክ ላይ አፕል ፔይ ወይም ጉግል ዋሌት ውስጥ አስገብተውታል። ኮዱን ባንክሽ የላከው ለዚያ ማረጋገጫ ነው። «አልተሳካም» ያለሽ ገጹ እንጂ ባንኩ አይደለም። እስካሁን አለመውሰዳቸው አያረጋጋሽ፣ ብዙ ጊዜ ቆይተው ነው የሚገዙበት።

ስትደውዪ «ካርዱን ዝጉልኝ» ብቻ አትበዪ። «ከተመዘገበበት ዋሌት ሁሉ አውጡልኝ» በዪ። አለዚያ ካርዱ ሲቀየር አዲሱ ቁጥር የድሮውን ዋሌት ተከትሎ ሊሄድ ይችላል።

የአክስትሽን ልጅ ነገር ተዪኝ! ሪሴት ከተደረገ ስልክ ጋር ስንት ጊዜ ተጣላሁ። የካርድሽ ቁጥር ሌላ ሰው እጅ ገብቷል፣ ስልክሽን ማጽዳት ምን ይፈይዳል? ኮዱ የመጣበት ቴክስት ቢኖር ኖሮ ለዋሌት መሆኑን ራሱ ይነግረን ነበር። ይኸው ከሪሴቱ ጋር ሄደ። ያ «ክሊነር» የሚባል ነፃ አፕም ተጭኖልሽ ከሆነ አጥፊው። ማስታወቂያ ከመደርደር ሌላ ያጸዳውን አላየሁም።

አሁን ወደ ስክሪንሾቱ። ላኪው በ+63 ይጀምራል፣ የፊሊፒንስ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከማኒላ ምን ያጽፈዋል? ከታች ደግሞ Y ብለሽ መልሺና ሊንኩን እንደገና ክፈቺ ይላል። አይፎን ከማያውቀው ቁጥር የመጣን ሊንክ አይከፍትም። ከመለስሽለት ግን ትተዋወቃላችሁ ብሎ ይከፍተዋል። Y የተጠየቅሽው ለዚህ ብቻ ነው።

ሊንኩ ይኸውልሽ፦

```
https://usps.com-redelivry.top/us
```

እዚህ ላይ ትንሽ ላብዛ። ሊንክ እንደ እኛ ስም ነው፣ የአባት ስም ኋላ ነው የሚመጣው። ልጁን ምኒልክ ማለት ማንም ይችላል፣ አባቱ ማን እንደሆነ ግን ቀጥሎ ያለው ስም ይናገራል። ከ`https://` በኋላ የመጀመሪያዋን ዘንባላ መስመር ፈልጊ። ከእሷ ወደ ግራ ተመለሺና የመጨረሻዋን ነጥብ አግኚ። በነጥቧ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ቃላት ናቸው ባለቤቱ። እዚህ የምታገኚው `com-redelivry.top` ነው። ፊት ያለው `usps` ባለቤቱ ለልጁ ያወጣው ስም ነው፣ `bank`ም `amazon`ም ሊለው ይችል ነበር። ዓይን የሚያታልለው ከ`com` ቀጥሎ ያለው ሰረዝ ነው። ሰረዝ ቃል አይለይም፣ የሚለየው ነጥብ ብቻ ነው። እውነተኛውን አስተያዪ፦

```
https://tools.usps.com/go
```

ከመስመሯ ወደ ግራ ስትመለሺ `usps.com` ላይ ትደርሻለሽ። አበቃ። እንደ `cbe.com.et` ባለው የአገር ቤት አድራሻ ግን ሦስት ቃል ቁጠሪ፣ `com.et` የሁሉም የጋራ ነው። እንደ `bit.ly` ያለ ያጠረ ሊንክ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ አባቱን ደብቆታል። እሱን ሳትነኪ ተዪው።

ፊደሉ ንጹሕ ነው፣ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው ብለሽ አትመኚ። ዛሬ ሌቦቹም ያለ ስሕተት ይጽፋሉ። ይልቅ ይህን ያዢ፦ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በመከታተያ ቁጥር ራስሽ ካልጠየቅሽው ቴክስት አይልክልሽም። ሲልክም ሊንክ አያስገባበትም።

እና እባክሽ፣ «እስቲ አሁንም ይሠራ እንደሆን» ብለሽ ሊንኩን እንዳትነኪው። Yም አትመልሺ። እቃሽን ለማየት `usps.com` ብለሽ በእጅሽ ጻፊና ከሻጩ ያገኘሽውን መከታተያ ቁጥር አስገቢ። ቴክስቱ ስልክሽ ላይ ካለ የስልክ ድርጅቶች የማጭበርበሪያ ቴክስት ወደሚቀበሉበት ቁጥር፣ ወደ 7726 ፎርዋርድ አድርጊው። ስክሪንሾቱን ደግሞ ወደ `spam@uspis.gov` ላኪ፣ የፖስታ መርማሪዎቹ ናቸው። ስትልኪ የላኪው ቁጥርና ቀኑ ይታይ፣ አትቁረጪው።

ባንኩ «ምንም አልወጣም፣ ችግር የለም» ብሎ ሊሸኝሽ ከሞከረ አትሸኚ። ኮዱን እንደሰጠሽ ንገሪያቸው፤ የተመዘገበ ዋሌት ካለ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደገባ ጠይቂ። ቀኑ ሊንኩን ከከፈትሽበት ቀን ጋር ከገጠመ ነገሩ ያ ነው። ሊንኩንም እንዳትነኪው ብያለሁ።