ኔቱ ሲበዛ የተደሰታችሁ እንደሆነ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደመወዝ ስሠራ ነው የኖርኩት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። ደረጃው ላይ የሚያገኙኝ ወጣቶች «ጋሼ፣ ይቺን እስቲ እይልኝ» ብለው ስልካቸውን ይዘረጉልኛል። አብዛኞቻችሁ ፔይስሊፑ ላይ የምታዩት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ነው የማየው።

ባለፈው አንዲት የጎረቤት ልጅ መጣች። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ከገባች ሦስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ካሰብኩት በላይ ነው የሚገባልኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። ውሉን አምጪ አልኳት። የት እንዳስቀመጠችው ለማስታወስ ሁለት ቀን ፈጀባት።

ውሉ «መሠረታዊ ደመወዝ 12,000 ብር» ይላል፤ አበል የሚባል ነገር የለበትም። ፔይስሊፑ ግን መሠረታዊ 7,000፣ «ልዩ ልዩ አበል» 5,000 ብሎ ከፍሎታል። ድምሩ ያው 12,000 ነው። ልጅቷም ድምሩን አይታ አልፋዋለች።

ወረቀት አምጥተን ሠራነው። መጀመሪያ የሥራ ግብር። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራው ሠንጠረዥ ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ብር ያለ ገቢ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ይቀነስለታል። ስለዚህ 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ 2,250 ብር። እዚህ ላይ ፔይስሊፑ ትክክል ነው፤ አበሉም ግብር ተከፍሎበታል። (2,700 ብሎ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ ሹሙ አሮጌውን ሠንጠረዥ አልቀየረም ማለት ነበር።) ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይቀነስ መሆኑን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይሳሳታል።

ቀጥሎ ጡረታ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። በውሉ ቢሆን የእሷ 840፣ የአሠሪው 1,320 ነው። በፔይስሊፑ ግን የእሷ 490፣ የእሱ 770 ሆኗል። ታዲያ የሚደርሳት 8,910 መሆን ሲገባው 9,260 ይገባላታል። ያቺ ያስደሰተቻት 350 ብር የራሷ የጡረታ ብር ናት። አሠሪው በበኩሉ በወር 550 ብር ቆጥቧል። በስሟ መግባት ከነበረበት በየወሩ 900 ብር ጎድሏል ማለት ነው። ወደፊት የጡረታ አበሏ ሲሰላም መነሻው እንዲህ ዝቅ ብሎ የተመዘገበው ደመወዝ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ኦቨርታይም የሚሰላው በመሠረታዊው ነው። በወር 208 ሰዓት ብንይዝ፣ በቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ በውሉ 86 ብር ከምናምን ያወጣል፣ በፔይስሊፑ 50 ብር ከምናምን። ልጅቷ ባለፈው ወር 20 ሰዓት አምሽታለች። ከ700 ብር በላይ እዚያው ቀልጧል፤ የደስታዋ 350 ሁለት እጥፍ።

ይህንን ብልሃት የማውቀው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በወጣትነቴ አለቃዬ «ቤዚኩን ዝቅ አድርገው» ሲለኝ አድርጌያለሁ። ሠራተኞቹ ኔታቸው ከፍ ስላለ አመሰገኑኝ። እስከዛሬ ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ውሉ ራሱ መሠረታዊና አበል ብሎ ለይቶ ከጻፈና ከፈረማችሁበት ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ከመፈረም በፊት መደራደር ነው። የኔ ነገር ውሉ አንድ፣ ፔይስሊፑ ሌላ ሲል ነው።

ልጅቷ ኤችአር ስትሄድ «ላንቺ አስበን ነው፣ ኔትሽ ይበዛል» አሏት። እንዳትጨቃጨቂ፣ ውሉንና ፔይስሊፑን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ጥያቄሽን በጽሑፍ ስጪና ኮፒው ላይ አስፈርሚ ብያት ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው የክፍያ መዝገቡን ማሳየትና ስትጠይቅ ማስረዳት አለበት። ሦስት ወር ዝም ብላ መቀበሏም መብቷን ትታለች አያሰኝም። ግን የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለዚህ ነው «ከፋሲካ በኋላ እጠይቃለሁ» ስትል የተቆጣኋት።

ከዚህ ወር ጀምሮ አስተካከሉላት። ያለፈው የኦቨርታይም ልዩነትና የጡረታው ማሟያ ገና ክርክር ላይ ነው። ትናንት ማታ እናቷ ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ «ምን መክረዋት ነው ደመወዟ የቀነሰው?» አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩላቸው።