ከምርጫው ወደ ጥያቄው፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። በአፕቲቲዩድ ፈተና ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ስሞክር ጊዜው ያልቅብኛል።»

አራቱንም መሞከር አያስፈልግም። ምርጫዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከተደረደሩ ከመሃል መጀመር ይሻላል። ለምሳሌ፦ ለአንድ ትርኢት 40 ትኬት ተሸጠ። የአዋቂ 50 ብር፣ የልጅ 30 ብር ነው፤ በጠቅላላ 1,560 ብር ገባ። ከተሸጡት ውስጥ የአዋቂ ትኬቶች ስንት ነበሩ? ሀ) 12 ለ) 15 ሐ) 18 መ) 22።

«ለ»ን እንሞክር። 15 አዋቂዎች 750 ብር ይከፍላሉ፤ የቀሩት 25 ልጆችም 750 ብር። ድምሩ 1,500 ስለሆነ 60 ብር ጎደለ። አዋቂዎቹ መብዛት አለባቸው፤ ስለዚህ «ለ» ሲወድቅ «ሀ»ም አብሮ ወደቀ።

ብዙዎች ይህን ጉድለት ዝም ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሙከራው የሚገኘው ትልቁ ፍሬ እሱ ነው እላለሁ። አንድ የልጅ ትኬት በአዋቂ ሲተካ ገቢው 20 ብር ይጨምራል። 60 ብር ለመሙላት ሦስት ትኬት መተካት ይበቃል፤ መልሱ 18 ነው። 900 እና 660 ሲደመር 1,560 ይሆናል።

«መልሴን በራሴ እኩልታ ውስጥ መልሼ አስገባሁት፤ ልክ መጣ። መምህሩ ግን ተሳስተሃል አሉኝ።»

እኩልታው ራሱ ከተሳሳተ፣ የተሳሳተውን መልስ ልክ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። አንድ ጫማ በ20 በመቶ ቅናሽ 960 ብር ተሸጠ እንበል፤ የቀድሞ ዋጋው ይፈለጋል። 960ን በ1.2 ያባዛ ተማሪ 1,152 ያገኛል። ይህንኑ ለ1.2 ቢያካፍለው 960 ተመልሶ ይመጣል፤ ስህተቱም ተደብቆ ይቀራል።

ማረጋገጫው መሠራት ያለበት በጥያቄው ቃል ነው። ጫማው 1,152 ብር ከነበረ፣ 20 በመቶው 230.40 ብር ነው፤ ሲቀነስ 921.60 ይቀራል። 960 አይደለም። ዋጋው 1,200 ከነበረ ግን ቅናሹ 240 ብር ይሆንና በትክክል 960 ይቀራል። እባካችሁ፣ መልስ ስታረጋግጡ እኩልታውን ሸፍናችሁ ጥያቄውን እንደገና አንብቡ።

«የሞከርኩት ቁጥር ሁሉንም ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ እንዴት ስህተት ይሆናል?»

ጥያቄው «ትንሹ» ወይም «ትልቁ» የሚል ከሆነ ይሆናል። ለ3 ሲካፈል 2፣ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ትንሹ አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ሲፈለግ 23 ያሟላል፤ 11ም ያሟላል። እንዲህ ሲሆን ከመሃል ሳይሆን ከትንሹ ምርጫ ይጀመራል።

«ምርጫዎቹ ፊደል የያዙ ከሆኑስ?»

ለፊደሉ ቀላል ቁጥር ሰጥቶ ጥያቄውንም ምርጫዎቹንም በዚያው ቁጥር ማስላት ነው። 0 እና 1 ግን አይመረጡም፤ x በ1 ቢተካ x እና x² እኩል ስለሚሆኑ ምርጫዎቹን መለየት ያስቸግራል። ሁለት ምርጫዎች ልክ ሆነው ከተገኙ እነሱን ብቻ በሌላ ቁጥር እንደገና መሞከር ነው።