«እናስብበታለን» ብሎ ጠፋ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል እሠራለሁ። ጃፓን ያለው ቅርንጫፋችን ከላከልን 20 የብረት ፒኖች 7ቱን ስለካ ከልክ በላይ ወፍራም ሆነው አገኘኋቸው። «7ቱ ከንድፉ ውጪ ናቸው፤ ይህ ተቀባይነት የለውም። ከመላካችሁ በፊት ለምን አልለካችሁም?» ብዬ እዚያ ላለው ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍኩ። የሁለታችንንም አለቆች ሲሲ አደረግኩ። እዚህ እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ባልደረባዬ «ስለጠቆሙን እናመሰግናለን፤ እናስብበታለን» ብሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ ይኸው ሁለት ሳምንት ድምፁ የለም። ምን አጠፋሁ? ከእንግዲህስ እንዴት ልጻፍለት?

መልስ

ያ «እናስብበታለን» በጃፓንኛ «ኬንቶ ሺማስ» የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዴ በእርግጥም እየመከሩበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «አይሆንም» ወይም «አሁን መልስ መስጠት አልችልም» የሚለውን በጨዋ ደንብ የሚሸፍን ቃል ነው። ለመለየት ቀን ተጠቅሶ እንደሆነ ይመልከቱ። «እስከ ሐሙስ እናሳውቃለን» ከተባለ ሥራው ተጀምሯል። ቀን ከሌለው ነገሩ ቆሟል ብለው ይያዙት።

ከቃላቱ በላይ የጎዳው ሲሲው ይመስለኛል። አለቃው እያየ «ለምን አልለካችሁም?» የተባለ ሰው ምክንያቱን ቢናገር የክፍሉን ባልደረቦች አሳልፎ መስጠት ይሆንበታል፤ ባይናገር ጥፋቱን ብቻውን ሊሸከም ነው። በዚያ ላይ ጉዳዩ አለቃ ዘንድ ከደረሰ በኋላ በራሱ ሊመልስ አይችልም፤ ክፍሉ ሁሉ የተስማማበት መልስ ይጠበቅበታል። «ለምን» የሚለው ቃልም የራሱ ድርሻ አለው። በእኛስ ቢሆን ልጅ «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ሲባል መገሠጹን እንጂ መጠየቁን መች ያስባል?

እንግዲህ ኢሜይሉን ለእሱ ብቻ፣ ያለ ሲሲ፣ እንደገና እንጻፈው፦

«ናሙናዎቹ በቀናቸው ስለደረሱን እናመሰግናለን። 20ዎቹንም ለክተናል። በንድፉ ላይ ውፍረቱ 12.0 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ነው። 13ቱ በዚሁ ውስጥ ናቸው፤ በ7ቱ ላይ ግን 12.3 አነበብን። የለካነው በማይክሮሜትር፣ በፒኑ መሃል ላይ ነው። እናንተ ሌላ ቦታ ላይ የምትለኩ ከሆነ ልዩነቱ ከዚያ ሊመጣ ስለሚችል አለካካችሁን ብታሳውቁን ደስ ይለናል። ሠንጠረዣችንን አያይዣለሁ። የሚቀጥለው ጭነት ከመነሣቱ በፊት በአንድ ልኬት ላይ ብንስማማ መልካም ነው። ለዚህ ስንት ቀን ያስፈልጋችኋል?»

ልብ ይበሉ፤ የለዘበው ሰውን የሚነካው ብቻ ነው። «አልለካችሁም» የሚል የለም፤ 12.3 ግን እንዳለ ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማለዘብ ብሎ «ትንሽ ልዩነት ያለ ይመስላል» ይልና ቁጥሩን አብሮ ያጠፋዋል፤ ያኔ አንባቢው ነገሩ ቀላል መስሎት ያልፈዋል። ስለ አለካክ የቀረበው ጥያቄም ማንንም ሳይከስ ምክንያቱን የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። ይህ በር እውነተኛ መሆን አለበት፤ የአለካክ ልዩነት ሊኖር እንደማይችል ካወቁ ያንን አይጻፉ።

የመጨረሻው ጥያቄ «እስከ ዓርብ ትጨርሳላችሁ?» ያልሆነው በምክንያት ነው። ጃፓንኛው «ሃይ» «አዎ» ብቻ ሳይሆን «ሰምቻለሁ» ማለትም ይሆናል፤ ይህ ልማድ በእንግሊዝኛቸውም ሊከተላቸው ይችላል። ቀኑን ራሱ ሲቆርጥ ግን ሊጠብቀው የሚችለውን ቀን ይሰጥዎታል።

ጃፓኖች ከወቀሳ ወይም ከልመና በፊት የሚያነጥፏቸው «የትራስ ቃላት» የሚሏቸው አሏቸው። በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ኢሜይል አንድ «ላስቸግርዎትና» የሚል ዓይነት ይበቃል። ስለ ፒኖቹ ግን ይቅርታ አይጠይቁ፤ ችግሩ ከእርስዎ ዘንድ የመጣ ሊመስል ነው።

አሁን የተቋረጠውን ለመቀጠል «ለምን ዝም አልክ?» የሚል ሁለተኛ ኢሜይል አይላኩ። ለብቻው ይደውሉለትና «ባለፈው ኢሜይሌ የአለካካችንን ዝርዝር አልጻፍኩም ነበር፤ አሁን እልክልሃለሁ» ይበሉት። ይህ እውነትም የእርስዎ ጉድለት ነው። ከዚያ አዲሱን ይላኩ። ምክንያቱን አግኝቶ ሲመልስልዎ አለቆቹን ያኔ ሲሲ አድርገው ያመስግኑት።

ፒኑ ቢሰበር ሰው ሊጎዳ የሚችልበት ማሽን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጊዜ የለዎትም። መጀመሪያ ይደውሉ፤ ወዲያው ደግሞ «እባካችሁ ጭነቱ ይቁም» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። እዚያ ላይ ማለዘቢያው «እባካችሁ» ብቻ ነው።