«አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ለሚል መጠይቅ በከፊል የተሠራን ሥራ እንዴት እንመልስ?

ጥያቄ፦ «አንድ ባንክ የደመወዝ ሶፍትዌራችንን ከመግዛቱ በፊት 180 ጥያቄ ያለበት የደህንነት መጠይቅ ልኮልናል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን በአብዛኛው አካውንት ላይ አስገብተናል፣ በሁሉም ላይ ግን አይደለም። ‹አዎ› ብንል ዋሸን ማለት ነው? ‹አይ› ብንል ደግሞ ሥራው እንዳያመልጠን ሰግተናል።»

መልስ፦ በቅድሚያ የጥያቄውን ቃላት ረጋ ብለው ያንብቡ። ይህ ጥያቄ በአብዛኛው «ለሁሉም የአስተዳዳሪ አካውንቶች ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ግዴታ ነውን?» ተብሎ ስለሚቀርብ፣ መልስዎን የሚወስኑት «ሁሉም» እና «ግዴታ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ተጠቃሚው ሲፈልግ የሚያበራው፣ ሲሰለቸው የሚያጠፋው ማረጋገጫ ግዴታ አይባልም።

ከዚያ የአካውንቶቹን ዝርዝር ከራሱ ከሲስተሙ አውጥተው ይቁጠሩ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ሳይዘጋ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ቆጠራ ነው። ከ14 የአስተዳዳሪ አካውንቶች በ11ዱ ላይ ማረጋገጫው ግዴታ ሆኖ፣ የአሮጌው ዳታቤዝ ሰርቨር 3 አካውንቶች ግን በፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ከሆነ፣ ምልክት የሚደረገው «አይ» ላይ ነው። በማብራሪያው ቦታ ደግሞ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦

«በከፊል ተተግብሯል። ከ14 የአስተዳዳሪ አካውንቶች በ11ዱ ላይ ግዴታ ነው። ቀሪዎቹ 3 የአንድ ዳታቤዝ ሰርቨር አካውንቶች ሲሆኑ፣ ሰርቨሩ ከቢሯችን ኔትወርክ ውጭ አይከፈትም፤ መግቢያ ሎጉም በየሳምንቱ ይታያል። ሰርቨሩን የመተካቱ ሥራ በመሠረተ ልማት ኃላፊው ሥር እየተሠራ ነው።»

የማጠናቀቂያ ቀን የሚጨምሩት ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ከተስማማበት ብቻ ነው፤ መጠይቁ የውሉ አባሪ ከተደረገ ቀኑ ግዴታ ሊሆንብዎ ስለሚችል፣ የሽያጭ ክፍሉ በግምት የሚሞላው ነገር አይደለም። «ሎጉ በየሳምንቱ ይታያል» ያሉትም እውነት መሆን አለበት፤ ማን እንዳየውና መቼ እንዳየው የሚያሳይ መዝገብ ከሌለዎት ዓረፍተ ነገሩን ያውጡት።

እኔ በአንድ ድርጅት ስሠራ «ባክአፕ ተመልሶ ይሞከራልን?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብለን ነበር። ባክአፑ በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ መልሶ የማንሳቱን ሙከራ ግን ማንም አድርጎት አያውቅም። የደንበኛው ኦዲተር የመጨረሻውን ሙከራ ሪፖርት ሲጠይቀን የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም፤ ከዚያ በኋላ እውነት የነበሩትን መልሶቻችንን ሁሉ በማስረጃ እንድናስደግፍ ተገደድን። ስድስት ሳምንት ፈጀ።

«አይመለከተንም» የሚለውንም ለማምለጫ አይጠቀሙበት፤ እርሱ የሚያገለግለው ጥያቄው ጨርሶ የሌለዎትን ነገር ሲጠይቅ፣ ለምሳሌ የራሳችሁ የሰርቨር ክፍል ሳይኖራችሁ ስለ ክፍሉ በር ቁልፍ ሲጠየቅ ነው። ቅጹ የማብራሪያ ቦታ ከሌለው፣ በከፊል የተተገበሩትን በጥያቄ ቁጥራቸው ዘርዝረው ለብቻው በደብዳቤ ከመጠይቁ ጋር ይላኩ፤ ቅጂውንም መልሱን ካወጡበት የአካውንት ዝርዝር ጋር፣ ቀን ጽፈውበት በፋይል ያስቀምጡ።