ለቆየ ዕቃ ቻርጀር ከመግዛታችሁ በፊት

ከሀገር ቤት «ቻርጀር ላክልኝ» ሲባል ብዙዎቻችን የዕቃውን ስም ጠይቀን ወደ ሱቅ እንሄዳለን። ለቆየ ዕቃ ስም ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ የቀዳዳውን ፎቶ አስልኩ፤ መብራት እየበራበት፣ ከቅርብ የተነሳ።

ስልክና ታብሌት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ምላስ ፈልጉ። ቀዳዳው አንድ ጎኑ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ምላሷ ወደ አንዱ ወገን ከተጠጋች ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ሞላላ ሆኖ ምላሷ መሃል ላይ ከቆመች ዩኤስቢ ሲ ነው። ሞላላ ሆኖ ውስጡ ምንም ምላስ ከሌለው ላይትኒንግ ነው፤ ከአይፎን 5 እስከ 14 ያሉት ሁሉ እሱን ይጠቀማሉ። አይፎን 4ኤስና ከዚያ በፊት የነበሩት ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነውን ገመድ ነው የሚፈልጉት። ቀዳዳው ክብና በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ የድሮ ኖኪያ ነው፤ ቀጭኗን ፒን ግዙ።

እነዚህን ብትሳሳቱ ቢበዛ ገመዱ አይገባም። ችግሩ ክብ ጫፍ ባላቸው አዳፕተሮች ላይ ነው፤ የተሳሳተውም ልክክ ብሎ ይገባል።

ሐዋሳ ያለች የአክስቴ ልጅ የቆየ ካሲዮ ኪቦርድ አላት። አዳፕተሩ ጠፋባት። ቤት ውስጥ ያለው የኢንተርኔት ራውተር አዳፕተር ሲገባላት «ይሄ ሰካ አለልኝ፣ ልጠቀምበት?» ብላ ጻፈችልኝ። እንዳትሞክሪው አልኳት፤ የሁለቱንም ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ኪቦርዱ ጀርባ ላይ 9 ቮልት ዲሲ ይላል፣ የአዳፕተሩ ስም ኤዲ-5 እንደሆነም ተጽፏል። የራውተሩ ግን 12 ቮልት ነው።

ከቮልቱ ሌላ አንድ ትንሽ ሥዕል አለች፣ ብዙ ሰው የማያያት። መሃል ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ያልተዘጋ ቀለበት፣ በግራና በቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ነጥቡ የጫፉ ውስጠኛ ክፍል ነው፣ ቀለበቱ ውጭኛው ብረት። ከነጥቡ የሚወጣውን መስመር ተከተሉ። ኪቦርዱ ላይ መስመሩ ወደ መቀነስ ይሄዳል፣ ራውተሩ ላይ ወደ መደመር። ማለትም ቮልቱ እንኳን ቢመሳሰል ኖሮ ኤሌክትሪኩ ተገልብጦ ይገባ ነበር። ዕቃው መከላከያ ከሌለው እዚያው ይቃጠላል።

ስለዚህ ቮልቱ እኩል ይሁን፣ የመሃሉ ምልክት አንድ ዓይነት ይሁን። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ዕቃው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። አምፒሩ ካነሰ ግን አዳፕተሩ ይግላል፣ ድምፅ ሲጨምሩ ኪቦርዱ ይጠፋል። የአክስቴ ልጅ ኪቦርድ 850 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል፣ እኔ የገዛሁት 1 አምፒር ነው። ለጊታር ፔዳል የሚሸጡት አዳፕተሮች አብዛኞቹ 9 ቮልት፣ መሃላቸው መቀነስ ነው፤ ስለዚህ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ገባሁ። አምፒራቸውን ግን እዩ፣ ትንንሾቹ አይበቁም።

አሁን መጠኑ። የክብ ጫፍ ውጭኛው ስፋት ብዙ ጊዜ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመሃሉ ቀዳዳ ግን 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል። ይሄን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ዕቃው መሃል ላይ ያለችው ፒን 2.5 ከሆነች፣ የ2.1 ጫፍ አይገባም። ተቃራኒው ግን ይገባና ይላላል፤ ገመዱን ነካ ሲያደርጉት ይጠፋል፣ ይበራል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሁለቱም ጫፍ ያለው ግዙ። ጫፉ የሚፈታ ከሆነ ግን አገጣጠሙ ምልክቱን ሊገለብጠው ስለሚችል መልሳችሁ እዩት።

አሜሪካ ያላችሁ የግድግዳውን ወገንም አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። አዳፕተሩ ኢንፑት ላይ ከ100 እስከ 240 ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ፣ በተለይ የድሮው ከባድ ዓይነት ከሆነ፣ አትላኩት። አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ በቮልት ችግር የለባችሁም። ዱባይም እንዲሁ፤ እዚያ ግን ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ማቀያየሪያ ጨምሩበት።

ቤተሰቡ አካባቢ ቴስተር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ካለ፣ አዳፕተሩ ዕቃው ላይ ከመሰካቱ በፊት ይለካው። ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ ቀዩን ወደ ጫፉ ውስጥ፣ ጥቁሩን ከውጭኛው ብረት ጋር ያገናኝ። ለዚህ ኪቦርድ ንባቡ ከመቀነስ ምልክት ጋር ወደ 9 መምጣት አለበት። የመቀነስ ምልክቱ ከሌለ ተገልብጧል ማለት ነው። 13 አካባቢ ካሳየ ያ የድሮው ከባድ ዓይነት ነው፤ ዕቃ ሲሰካበት ቮልቱ ይወርዳል እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።